ታማኝነትንም ጤንነትንም ሳይነኩ ስለ ሕመም ፈቃድ መጻፍ

የሥራ መገኘት ግምገማ ደብዳቤ አንድ ሠራተኛ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ቀን ከሥራ እንደቀረ፣ የቀረባቸው ቀናት በምን ዓይነት ፈቃድ እንደተመዘገቡ፣ ከዚያ በኋላም ከሠራተኛውና ከአሠሪው ምን እንደሚጠበቅ የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ግን አይደለም። ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው ሠራተኛው ጥፋት ሲሠራ ነው፤ ግምገማ ደግሞ መዝገቡ ሲበዛ ወይም ሲወሳሰብ፣ ጥፋት ኖረም አልኖረም፣ ነገሩን አጥርቶ ለማየት ይጻፋል። በብዙ ድርጅቶች ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ይደባለቃሉ፤ ጉዳዩ የሕመም ፈቃድ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ድብልቁ የበለጠ ይጎዳል። በሐኪም ማስረጃ ያረፈ ሰው ሕጉ የሰጠውን መብት ተጠቀመ እንጂ ያጠፋው ነገር የለም። እንደ ጥፋተኛ ሲጻፍበት ወይ ዋሽተሃል ተብሏል፣ ወይ ሰውነትህ ለሥራ አይሆንም ተብሏል። አሠሪው ሁለቱንም የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በኢትዮጵያ በግል ድርጅቶች ውስጥ ያለውን የሥራ ግንኙነት የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ ስላላቸው እዚህ የሚነገረው እነሱን አይመለከትም። በአዋጁ አንቀጽ 85 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ላይ ከደረሰ ጉዳት ውጭ በሆነ ሕመም መሥራት ሲያቅተው የሕመም ፈቃድ ያገኛል። ፈቃዱ ሠራተኛው ከታመመበት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በሚቆጠር አሥራ ሁለት ወር ውስጥ፣ በተከታታይም ይሁን በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ፣ እስከ ስድስት ወር ይደርሳል። አንቀጽ 86 ደግሞ ክፍያውን ይወስናል፤ የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ።

«በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ» የሚለው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ሕጉ ሕመም አንዴ መጥቶ አንዴ ብቻ የሚሄድ አለመሆኑን አስቀድሞ ተቀብሏል። አስም፣ ማይግሬን፣ የጨጓራ ሕመም፣ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ለሁለት ቀን ይተኛል፣ ይነሣል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይተኛል። መቆራረጡ የሕመሙ ጠባይ እንጂ የማታለል ምልክት አይደለም። የቅርብ ኃላፊዎችን የሚያናድደው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው መቆራረጥ ነው። ለአንድ ወር በተከታታይ የተኛ ሰው በተተኪ ይሸፈናል፤ በየሦስት ሳምንቱ ለአንድ ቀን የሚቀር ሰው ግን ዛሬ ይኑር አይኑር የሚታወቀው ጠዋት ፈረቃው ሲጀመር ነው። ንዴቱ የሚገባ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ንዴቱ ወደ ደብዳቤው ሲገባ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት አንቀጽ 27 ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ ለአምስት ቀን ከሥራ የቀረ ሠራተኛ ውሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል። ብዙ ኃላፊዎች ይህችን «አምስት ቀን» በቃላቸው ይዘዋታል፤ ከእሷ ጋር የተያያዘውን ሁኔታ ግን ይዘነጉታል። ከሥራ መቅረቱ በአዋጁ ከተፈቀዱት ፈቃዶች በአንዱም የማይሸፈን መሆን አለበት። በማስረጃ የተደገፈ የሕመም ቀን ስለዚህ ከአምስቱ አይቆጠርም፤ አንድ መቶ ቀን ቢሆንም አይቆጠርም። የግምገማ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ይህን ልዩነት በመዝገቡ ላይ ማውጣት ነው።

መዝገቡን ማጥራት

አንድ ጉዳይ በምሳሌነት ይወሰድ። በአንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ውስጥ በማሸጊያ ክፍል የምትሠራ፣ የሙከራ ጊዜዋን ከጨረሰች የቆየች ሠራተኛ አለች። የክፍሉ ኃላፊ ለሰው ሀብት ክፍል አጭር ማስታወሻ ይጽፋል፦ ሠራተኛዋ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ሰባት ጊዜ፣ በድምሩ 14 ቀን ቀርታለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትቀረውም ሰኞ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ይጻፍላት።

ማስታወሻው ውሸት የለበትም። ሠራተኛዋ በእርግጥ 14 ቀን በቦታዋ አልነበረችም። የሰው ሀብት ክፍሉ ግን የጣት አሻራ መዝገቡን፣ የፈቃድ ቅጾቹንና የሕክምና ማስረጃዎቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ሌላ ነገር ይታያል። መስከረም 20 እና 21 በማስረጃ የተደገፈ ሕመም ነው። ጥቅምት 11 እንደዚሁ። ከኅዳር 9 እስከ 11 እንደዚሁ። ከኅዳር 25 እስከ 27 ያሉት ሦስት ቀናት ግን የማሸጊያ ማሽኑ ጣቷን ያቃጠላት ጊዜ ነው፤ ይህ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት እንጂ የሕመም ፈቃድ አይደለም፤ አከፋፈሉም በአዋጁ በሌላ ክፍል የተደነገገ ነው። ታኅሣሥ 15 እና 16 በማስረጃ የተደገፈ ሕመም ነው። ጥር 5 እና 6 አባቷ አርፈው የሐዘን ፈቃድ የወሰደችባቸው ቀናት ናቸው። የካቲት 10 ጠዋት ስልክ ደውላ መታመሟን አሳውቃለች፤ የሐኪም ወረቀት ግን እስካሁን አላመጣችም።

ስለዚህ 14ቱ ቀን አንድ ነገር አይደለም። ሦስቱ የሥራ ላይ ጉዳት፣ ሁለቱ ሐዘን፣ ስምንቱ በአራት ጊዜ የተወሰደ የሕመም ፈቃድ፣ አንዱ ገና ያልተወሰነ ቀን ነው። ከአንቀጽ 27 አንጻር ሊያከራክር የሚችለው ይኸው አንድ ቀን ብቻ ነው። በሕመም ፈቃዱ በኩልም ሠራተኛዋ በሙሉ ደመወዝ ከሚከፈለው የመጀመሪያ ወር ገና ብዙ ይቀራታል። ማሽኑ ያቃጠላትን ሰው ከተቃጠለችባቸው ቀናት ጋር ደምሮ «ብዙ ትቀሪያለሽ» ብሎ መጻፍ ከሕግ ስህተትም በላይ ግፍ ነው፤ የሚፈጸመው ግን አብዛኛውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን የመቆጣጠሪያ መዝገቡ ሁሉንም ቀን «የለችም» ብሎ ስለሚያስቀምጥ ነው።

አንዳንድ የሰው ሀብት ሶፍትዌሮች ብራድፎርድ በሚባለው ስሌት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ነጥብ ያወጣሉ። ስሌቱ ሠራተኛው የቀረበትን ጊዜ ብዛት በራሱ ካባዛ በኋላ በቀኖቹ ድምር ያባዛዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ለ10 ተከታታይ ቀናት የቀረ ሰው 10 ነጥብ ሲያገኝ፣ አሥር ጊዜ ለአንድ አንድ ቀን የቀረ ሰው 1,000 ያገኛል። ስሌቱ ሆን ተብሎ መቆራረጥን እንዲያጎላ የተሠራ ነው፤ ፈረቃ ለሚመድብ ኃላፊ የት ላይ ተተኪ እንደሚያስፈልግ ሊጠቁም ይችላል። በኃላፊው ማስታወሻ መሠረት የሠራተኛዋ ነጥብ ሰባት በሰባት በ14 ሲባዛ 686 ይሆናል። ጉዳቱና ሐዘኑ ሲወጡ አምስት በአምስት በ9 ተባዝቶ ወደ 225 ይወርዳል። ሰውዬዋ ያው ናት፤ የተለወጠው የመዝገቡ አያያዝ ብቻ ነው። ነጥቡ ተመላላሽ ሕመም ያለበትን ሰው ሁልጊዜ ከሌላው በላይ አድርጎ ስለሚያሳይ በደብዳቤ ላይ ቦታ ሊሰጠው አይገባም። ሠራተኛዋ ቁጥሩን ስታነበው የምትረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተጠርጥራለች።

የሰኞው ነገርም መልስ ይፈልጋል። ከአምስቱ ጊዜ አራቱ የጀመሩት ሰኞ ነው፤ ኃላፊው ያስተዋለው አለ። ይሁን እንጂ እሑድ በሚዘጋ ፋብሪካ ቅዳሜ ማታ ወይም እሑድ የጀመረ ሕመም ሁሉ መዝገብ ላይ የሚታየው ሰኞ ነው። ሰኞ የሦስት ቀን ሕመም ተጠራቅሞ የሚወድቅባት ቀን ናት። ይህ ሁሉንም ላያብራራ ይችላል፤ ደግሞም ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ወደዚያ መመለስ ይቻላል። ለደብዳቤው ግን ውሳኔው ግልጽ ነው፤ የሳምንቱ ቀናት ስም አይጻፍም። «አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ» የሚል ዐረፍተ ነገር ክስ ነው፤ ክሱን የሚያስረዳ ማስረጃ ደግሞ የለም።

በቃላቱ ውስጥ የሚደበቅ ክስ

በየድርጅቱ ከሚዘወተረው አጻጻፍ ጋር የሚመሳሰል አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «በተለያዩ ጊዜያት ታምሜአለሁ በሚል ምክንያት በተደጋጋሚ ከሥራ ገበታዎ እየቀሩ በሥራው ላይ ከፍተኛ በደል ያደረሱ ስለሆነ ይህን አመልዎን እንዲያርሙ በጥብቅ እናሳስባለን።» ጸሐፊው ምናልባት ማንንም ለመስደብ አላሰበም፤ ከቀድሞ ደብዳቤ ገልብጦ ስም ቀይሮ ይሆናል። ዐረፍተ ነገሩ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከሳል።

«ታምሜአለሁ በሚል» ማለት እኛ አላመንንም ማለት ነው። «በማለት»፣ «በሚል ሰበብ»፣ «ሕመምን ምክንያት በማድረግ» የሚሉት ሁሉ የዚሁ ዘመዶች ናቸው፤ ነገሩን በተናጋሪዋ አፍ ላይ ትተው ጸሐፊውን ከኃላፊነት ያወጣሉ። ድርጅቱ ማስረጃውን ተቀብሎ፣ ፈቃዱን አጽድቆ፣ ደመወዝ ከፍሎ ሲያበቃ «በሚል» ብሎ መጻፉ ራሱን በራሱ መቃወም ነው። ትክክለኛው አባባል አጭር ነው፦ «በሕመም ፈቃድ ላይ ነበሩ።» «እየቀሩ» የሚለው ልማድ ያስመስለዋል፤ «አመል» የሚለው ደግሞ ነገሩን ጨርሶ ጠባይ ያደርገዋል። «እንዲያርሙ» ሲባል ትኩሳት ሰው አስቦበት የሚያርመው ነገር ነው እንደ ማለት ነው። «በተደጋጋሚ» እና «ከመጠን በላይ» የሚሉት ቃላትም መጠናቸው ስለማይታወቅ በቁጥር ቢተኩ ይሻላል፤ «በአራት ጊዜ፣ 8 የሥራ ቀናት» የሚለው ማንንም አያስቆጣም፤ ማንም ሊክደውም አይችልም።

የርኅራኄ ደብዳቤም የራሱ አደጋ አለው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ አይታይም። «ጤንነትዎ አሳሳቢ ደረጃ ላይ መድረሱን ተረድተናል»፣ «ሥራው ከአቅምዎ በላይ እየሆነ መምጣቱን አይተናል»፣ «ሰውነትዎ ደካማ በመሆኑ» የሚሉት አባባሎች በቅን ልቦና ሊጻፉ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ሐኪም ያልሆነ ሰው ስለ ሌላ ሰው ጤና የሰጠው ፍርድ ናቸው። ማኅደር ውስጥ ተቀምጠው ከዓመታት በኋላ ለዕድገት ወይም ለቅነሳ ሲመረመሩ «ሕመምተኛ ናት» የሚል ማኅተም ሆነው ይገኛሉ። «እግዚአብሔር ይማርሽ» ማለት የሚገባ የሰው ወግ ነው፤ ቦታው ግን የኃላፊው አፍ እንጂ ግልባጭ የሚደረግለት ደብዳቤ አይደለም።

የሕመሙ ስም ከደብዳቤው ውጭ መሆን አለበት። ማስረጃው ላይ የተጻፈ ምርመራ ቢኖር እንኳ የሰው ሀብት ክፍሉ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የሠራተኛዋ ስም፣ የዕረፍቱ ቀናት፣ የሕክምና ተቋሙ ማንነት፣ ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው። የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጥብቅ መረጃዎች የሚመደብ ስለሆነ ማስረጃዎቹ ራሳቸው ከተራው ማኅደር ተለይተው፣ ተቆልፈው ይቀመጣሉ። የክፍሉ ኃላፊ ማወቅ ያለበት ሠራተኛዋ ከመቼ እስከ መቼ እንደማትኖር ነው፤ ለምን እንደማትኖር አይደለም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ሐሰተኛ ማስረጃ የሚያመጣ ሰው የለም ወይ? አለ። ድርጅቱ በአንድ ማስረጃ ላይ ተጨባጭ ጥርጣሬ ካደረበት፣ ለምሳሌ ማኅተሙ የማይነበብ ወይም ቀኑ የተፋቀ ከሆነ፣ ለሕክምና ተቋሙ በጽሑፍ ይጠይቃል። የሚጠይቀውም ወረቀቱን ሰጥታችኋል ወይስ አልሰጣችሁም የሚለውን ብቻ እንጂ የሕመሙን ዓይነት አይደለም። መልሱ አልሰጠንም ከሆነ ጉዳዩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሰነድ ማጭበርበር ነው፤ በራሱ ሥርዓት፣ በራሱ ደብዳቤ ይታያል። ጥርጣሬውን ሳያጣሩ በመገኘት ግምገማ ውስጥ ማጨስ ግን እውነተኛውን ታማሚና አጭበርባሪውን እኩል ያስቀጣል፤ አጭበርባሪውንም በሕግ ለመያዝ አይጠቅምም።

ደብዳቤው

መዝገቡ ከጠራና ቃላቱ ከተመረጡ በኋላ ለምሳሌዋ ሠራተኛ የሚደርሰው ደብዳቤ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል።

ቀን፦ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለ፦ ወ/ሮ …………
ጉዳዩ፦ የስድስት ወር የሥራ መገኘት መዝገብን ስለመገምገም

«ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ያለውን የሥራ መገኘት መዝገብዎን ተመልክተናል። በመዝገቡ መሠረት በአራት ጊዜ፣ በድምሩ 8 የሥራ ቀናት በሕመም ፈቃድ ላይ ነበሩ። ለቀናቱ በሙሉ የሕክምና ማስረጃ ያቀረቡ በመሆኑ ፈቃዱ ጸድቆ ደመወዝዎ ተከፍሏል። በኅዳር ወር በሥራ ላይ በደረሰብዎ ጉዳት ያረፉባቸው 3 ቀናትና በጥር ወር በሐዘን ፈቃድ የነበሩባቸው 2 ቀናት በዚህ ግምገማ አልተካተቱም።

የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልክ አሳውቀው ያልተገኙበት 1 ቀን በየትኛው ፈቃድ እንደሚያዝ ገና አልተወሰነም። የሕክምና ማስረጃ ካለዎት እስከ መጋቢት 15 ቀን ድረስ ለሰው ሀብት ክፍል እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን። ከሌለዎት ቀኑ ከዓመት ፈቃድዎ እንዲታሰብ ማመልከት ይችላሉ።

በእነዚህ ቀናት በማሸጊያ መስመሩ ላይ ተተኪ ያልተመደበ በመሆኑ ሥራው በቀሩት ሠራተኞች ተሸፍኗል። ወደፊት በቂ ዝግጅት ማድረግ እንድንችል፣ እንዲሁም በሥራው ሁኔታ በኩል ድርጅቱ ሊያስተካክለው የሚገባ ነገር ካለ ከእርስዎ ለመስማት፣ መጋቢት 10 ቀን ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ላይ ከክፍልዎ ኃላፊና ከሰው ሀብት ክፍል ጋር እንዲወያዩ ተጋብዘዋል። የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ወይም የሚመርጡትን ባልደረባ ይዘው መምጣት ይችላሉ። የሕመምዎን ዓይነት እንዲገልጹ አይጠየቁም።

ይህ ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ አይደለም።»

ከሰላምታ ጋር
ግልባጭ፦ ለግል ማኅደር

የደብዳቤው ቅደም ተከተል የታሰበበት ነው። በቅድሚያ ያልተነካካው እውነት ይቀመጣል፦ ቀናቱ ስንት እንደሆኑ፣ ማስረጃ እንደቀረበ፣ እንደተከፈለ። ሠራተኛዋ የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብባ ስትጨርስ እንደታመነች ታውቃለች፤ ቀሪውን የምታነበውም በዚያው መንፈስ ነው። ያልተወሰነው አንድ ቀን ከስምንቱ ተነጥሎ ለብቻው መጻፉ ሁለተኛው ቁም ነገር ነው። ስምንቱና አንዱ በአንድ ዐረፍተ ነገር «9 ቀን» ተብለው ቢደመሩ ማስረጃ የጎደለው ቀን ጥላውን በሌሎቹ ላይ ይጥላል። አዋጁ ሠራተኛዋ መቅረቷን ቢዘገይ በማግሥቱ እንድታሳውቅ ይጠይቃል፤ እሷ በዕለቱ ደውላለች። የሚጎድለው ወረቀቱ ብቻ ስለሆነ ደብዳቤው የሚጠይቀውም ወረቀቱን ነው፤ መውጫም ያሳያታል።

ስለ ሥራው የተጻፈው ዐረፍተ ነገር ባለቤቱን መርጦ የተጻፈ ነው። «በእርስዎ መቅረት ምክንያት ምርት ቀነሰ» አይልም፤ «ተተኪ ያልተመደበ በመሆኑ» ይላል። ተተኪ መመደብ የአሠሪው ሥራ ስለሆነ ይህ ለማባበል የተመረጠ አገላለጽ ሳይሆን እውነቱ ነው። በሥራው ላይ የደረሰውን ችግር መደበቅም አያስፈልግም፤ ባልደረቦቿ እየተሸከሙላት መሆኑን እሷም ታውቃለች። የሚያስፈልገው ችግሩን ካለበት ቦታ፣ ከፈረቃ ድልድሉ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ደብዳቤው በክፍሉ ሰው ሁሉ ፊት በኃላፊው እጅ ባይሰጥ ይመረጣል። የሰው ሀብት ክፍሉ ሠራተኛዋን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ይዘቱን በቃል ነግሮ፣ በፖስታ ይሰጣታል። ስትቀበል የምትፈርመው ፊርማ ደብዳቤው መድረሱን የሚያሳይ እንጂ በይዘቱ መስማማቷን የሚገልጽ አለመሆኑም ሊነገራት ይገባል፤ ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ አልፈርምም ይላል፤ አለመፈረሙም እንደ እምቢተኝነት ይቆጠርበታል።

ከውይይቱ በኋላ

በመጋቢት 10ሩ ውይይት ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በሥራው በኩል እኛ ልናስተካክለው የምንችለው ነገር አለ ወይ?» ሠራተኛዋ የለም ልትል ትችላለች፤ የግል ሕመሟን መናገር ግዴታዋ አይደለም። አለ ልትልም ትችላለች። ለምሳሌ የማሸጊያ ክፍሉ እሑድ በጠንካራ በረኪና ታጥቦ፣ መስኮቱ ተዘግቶ የሚያድር ከሆነ፣ ሰኞ ጠዋት በሩን የምትከፍተው እሷ ከሆነች፣ ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ልትሆን ትችላለች። ሕመሟ ከዚያ መጣ አልመጣ ለመወሰን ሐኪም እንጂ የሰው ሀብት ክፍል አይችልም። ክፍሉ ፈረቃው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲናፈስ ለማድረግ ግን የማንም ምርመራ አያስፈልግም። «አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ» የሚል ክስ የደረሳት ሠራተኛ ስለ ሰኞ አንዲት ቃል አትተነፍስም ነበር።

አሠሪው ሠራተኛዋ በሐኪም እንድትታይ በቂ ምክንያት ሲኖረው ሊጠይቅ ይችላል። አዋጁ ከኤችአይቪ ምርመራ በቀር ሠራተኛ በሕግ ወይም በበቂ ምክንያት በአሠሪው የተጠየቀውን የሕክምና ምርመራ እምቢ ማለት እንደማይችል ይደነግጋል። በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ቀን ማረፍ ግን ለብቻው በቂ ምክንያት ነው ማለት ያስቸግራል። ጥያቄው አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘም ለሐኪሙ የሚቀርበው «ምን አላት?» ተብሎ ሳይሆን «ይህን ሥራ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አኳኋን መሥራት ትችላለች ወይ? የሚለወጥላት ነገር አለ ወይ?» ተብሎ ነው። መልሱ የሕመም ስም የሌለበት ግማሽ ገጽ ሊሆን ይችላል፤ ለአሠሪው ከዚያ በላይ አያስፈልገውም።

የሕመም ቀናቱ በርትተው ሕጉ ወደፈቀደው ስድስት ወር ቢቃረቡ፣ ወይም ሠራተኛዋ በጤና ምክንያት ሥራውን መሥራት እንደማትችል በሕክምና ቢረጋገጥ፣ ጉዳዩ የመገኘት ግምገማ መሆኑ ያበቃል። ያ ጥያቄ የችሎታ ጥያቄ ነው፤ የሐኪም ማስረጃና በሕግ የተወሰነ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ይፈልጋል፤ ወደ ሌላ ሥራ ማዛወር ይቻል እንደሆነም መታየት አለበት። ከዚያ በፊት የተጻፉት የግምገማ ደብዳቤዎች «አመል»ና «ሰበብ» የሚሉ ቃላት ካሉባቸው ያኔ አሠሪው የሚጸጸትበት ሰነድ ይሆናሉ፤ ውሳኔው በጤና ምክንያት ነው ብሎ ሲከራከር የራሱ ወረቀት በጥላቻ ነው ብሎ ይመሰክርበታል።

አብዛኛው ጉዳይ ግን እዚያ አይደርስም። ምሳሌዋ ሠራተኛ ወረቀቱን ታመጣለች ወይም አንዱን ቀን ከዓመት ፈቃዷ ታስቆርጣለች፤ ተተኪ ይመደባል፤ ክፍሉ ይናፈሳል። ያኔ ድርጅቶች በብዛት የሚዘሉት አንድ ሥራ ይቀራል። ግምገማው መዘጋቱን፣ የካቲት 10 በምን ፈቃድ እንደተያዘና ከሠራተኛዋ የሚጠበቅ ነገር አለመኖሩን የሚገልጽ ሁለት መስመር ደብዳቤ ተጽፎ ከመጀመሪያው ጋር መያያዝ አለበት። ግምገማን በደብዳቤ የከፈተ አሠሪ በደብዳቤ ይዝጋው።